ለመጀመሪያ ጊዜ ቡድን ለሚመራ የቴክኒክ ባለሙያ፦ ከአራት መጻሕፍት የትኛው ይቅደም?

በሙያው የተመሰከረለት ፕሮግራመር ወይም መሐንዲስ የቡድን መሪ ሆኖ ሲሾም የሚሰጠው የዕድገት ደብዳቤ አዲሱን የሥራ መደብ፣ ደመወዙንና አበሉን በዝርዝር ይገልጻል፤ ሰኞ ጠዋት ቢሮ ሲገባ ምን መሥራት እንዳለበት ግን አይነግረውም። እስከ ዓርብ ድረስ ጥሩ ኮድ በመጻፉ ሲመሰገን የነበረ ሰው ከሰኞ ጀምሮ የሚመዘነው ሌሎች በሚጽፉት ኮድ ነው። ይህን ክፍተት በንባብ ለመሙላት የሚነሳ ሰው የሚቸገረው በመጽሐፍ እጥረት ሳይሆን በብዛቱ ነው፤ ስለ አመራር ከተጻፈው ውስጥ አብዛኛው የሚያወራው ስለ ራእይና ስለ ታላላቅ ድርጅቶች መሪዎች በመሆኑ ሰባት ሰው ለሚመራ ጀማሪ የሚጠቅመው ጥቂቱ ብቻ ነው።

ይህ መመሪያ የሚያነጻጽረው አራት መጻሕፍትን ነው። የመጀመሪያው የኢንቴል ኩባንያ መሪ የነበረው አንድሩ ግሮቭ እ.ኤ.አ. በ1983 ያሳተመው «ሃይ አውትፑት ማኔጅመንት» ነው። ሁለተኛው ካሚል ፎርኒየር በ2017 ያወጣችው «ዘ ማኔጀርስ ፓዝ»፣ ሦስተኛው ጁሊ ዡዎ በ2019 ያወጣችው «ዘ ሜኪንግ ኦቭ ኤ ማኔጀር»፣ አራተኛው ደግሞ የሃርቫርድ ቢዝነስ ስኩል ፕሮፌሰሯ ሊንዳ ሂል በ1992 ያሳተመችው «ቢካሚንግ ኤ ማኔጀር» ነው። አራቱም የተጻፉት በእንግሊዝኛ ነው፤ አራቱም ጥሩ ናቸው። አራቱን በአንድ ወር ውስጥ ማንበብ ግን አይመከርም፤ ምክንያቱም የሚመልሱት ጥያቄ የተለያየ ነው። ጀማሪው መጠየቅ ያለበት «የትኛው ይበልጣል?» ብሎ ሳይሆን «አሁን እንቅልፍ የነሳኝ ጉዳይ የየትኛው ነው?» ብሎ ነው።

ንጽጽሩ መሬት እንዲይዝ አንድ ሁኔታ እናስብ። በአዲስ አበባ በሚገኝ ባንክ ውስጥ በዲጂታል ክፍያ ክፍል የሚሠራ ከፍተኛ የሶፍትዌር ባለሙያ ሰባት አባላት ያሉት ቡድን መሪ ሆኖ ተሾሟል። ከአባላቱ አንዷ ለአራት ዓመት የሞባይል መተግበሪያውን የፊት ገጽታ ስትሠራ የኖረች ጎበዝ ባለሙያ ናት፤ አሁን በየዕለቱ የባንኩን መዝገብ ከሌሎች ባንኮች ጋር ከተደረገው የክፍያ ዝውውር ጋር የሚያስታርቅ ፕሮግራም እንድትሠራ ተመድባለች። ሁለተኛው ሳምንት እየተገባደደ ነው፤ የሚታይ ነገር የለም። አዲሱ መሪ ሥራውን ራሱ ቢይዘው በሁለት ቀን እንደሚጨርሰው ያውቃል፤ እጁም ወደ ኪቦርዱ እየሄደበት ነው። በዚያው ቡድን ውስጥ ደግሞ ዐሥር ዓመት ያገለገሉና ሹመቱን ለራሳቸው ሲጠብቁ የነበሩ አንድ አንጋፋ ባለሙያ አሉ።

ግሮቭ፦ ለመሐንዲስ በመሐንዲስ የተጻፈ

ግሮቭ በኬሚካል ምሕንድስና ዶክትሬቱን ከበርክሊ ያገኘ፣ ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1968 ሲመሠረት ጀምሮ በውስጡ የሠራና ኋላም ኩባንያውን በዋና ሥራ አስፈጻሚነት የመራ ሰው ነው። መጽሐፉ የሚጀምረው የተቀቀለ እንቁላል፣ የተጠበሰ ዳቦና ቡና በአንድ ጊዜ ትኩስ አድርጎ በሚያቀርብ የቁርስ ቤት ነው። ከሦስቱ ረጅሙን ጊዜ የሚወስደው እንቁላሉ ስለሆነ ሌላው ሥራ ሁሉ በእርሱ ዙሪያ ይደራጃል። ከዚህ ተነሥቶ ወደ ቢሮ ሥራ ይሻገርና አንድ ቀመር ያስቀምጣል፦ የአንድ ኃላፊ ውጤት ማለት የሚመራው ክፍል ውጤትና ተጽዕኖው የሚደርስባቸው የጎረቤት ክፍሎች ውጤት ድምር ነው። ኃላፊው በግሉ የሠራው ነገር በቀመሩ ውስጥ ለብቻው ቦታ አልተሰጠውም። ራሱን በሠራው ሥራ ሲለካ ለኖረ ባለሙያ ይህ ዓረፍተ ነገር ከባድ ነው፤ ነገር ግን በመሐንዲስ ቋንቋ የተነገረ ስለሆነ ይገባዋል።

የመጽሐፉ ትልቁ ስጦታ ለያዝነው ችግር ቀጥተኛ መልስ የሚሰጠው ክፍል ነው። ግሮቭ አንድን ሰው እንዴት መምራት እንዳለብን የሚወስነው ሰውየው በያዘው ሥራ ላይ ያለው ብስለት ነው ይላል። ብስለቱ ዝቅተኛ ከሆነ ኃላፊው ምን፣ መቼና እንዴት እንደሚሠራ በዝርዝር መንገር አለበት፤ መካከለኛ ሲሆን ወደ መመካከርና ወደ መደገፍ ያልፋል፤ ከፍተኛ ሲሆን ግቡን ተስማምቶ እየተከታተለ ከመንገድ ይወጣል። አንባቢዎች በብዛት የሚስቱት ነገር ብስለቱ የሰውየው ሳይሆን የሥራው መሆኑን ነው። የፊት ገጽታ ሥራ ላይ ማንም የማይነካት ባለሙያችን በሂሳብ ማስታረቅ ሥራ ላይ ጀማሪ ናት። መሪው «ከፍተኛ ባለሙያ ናት፤ ትወጣዋለች» ብሎ የተዋት በአክብሮት ነው፤ በግሮቭ ሚዛን ግን ያለ መመሪያ ጥሏታል።

ሌላው ከፋብሪካው ክፍል የሚገኘው ትምህርት ጉድለት ገና ጥሬ ዕቃው ርካሽ ሳለ መያዝ አለበት የሚለው ነው። ይህን ወደ ጉዳያችን ስናመጣው መሪው ፕሮግራሙ ተጽፎ እስኪያልቅ ጠብቆ ኮዱን ከመገምገም ይልቅ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን አንድ ገጽ የማትሞላ ንድፍ ሊጠይቃት ይገባ ነበር፦ ፋይሉ ከየት ይመጣል፣ በስንት ሰዓት ይደርሳል፣ ሁለቱ መዝገቦች የሚዛመዱት በየትኛው ቁጥር ነው፣ አንድ ክፍያ በአንዱ በኩል ኖሮ በሌላው ከጠፋ ምን ይደረጋል? ለእነዚህ አራት ጥያቄዎች መልስ ከሌላት ሁለት ሳምንቱ የባከነው በስንፍና አለመሆኑ በግማሽ ሰዓት ይታወቅ ነበር። ችግሩ ከሌላ ክፍል ያልመጣ የፋይል ናሙና ብቻ ሊሆንም ይችላል፤ ያን ደግሞ በማስታወሻ ወይም በስልክ ማስፈታት የመሪው እንጂ የእርሷ ሥራ አይደለም።

ግሮቭ ስለ ጊዜም በቁጥር ይናገራል። ዋና ሥራው ሰው መምራት የሆነ ኃላፊ ከስድስት እስከ ስምንት ሰው ቢይዝ ይበቃዋል፤ ለእያንዳንዱም በሳምንት ግማሽ ቀን ያህል ሊመድብ ይገባል ይላል። የእኛ መሪ ሰባት ሰው አለው፤ ሰባት ግማሽ ቀን ሦስት ቀን ተኩል ነው። ቅዳሜን እስከ እኩለ ቀን በሚሠራ ባንክ ውስጥ ከአምስት ቀን ተኩል ላይ ይህ ሲቀነስ የሚቀረው ሁለት ቀን ነው፤ ከዚያ ላይ የክፍሉ ስብሰባ፣ ሪፖርትና ከሌሎች ክፍሎች ጋር የሚደረገው መመላለስ ይነሳል። እንግዲህ ለራሱ ኮድ የሚተርፈው ሰዓት ስንት እንደሆነ ማንም ሳይነግረው ያሰላዋል። ይህን ስሌት በወረቀት ላይ ሳይሠሩ «እየመራሁ እንደ ድሮው እጽፋለሁ» የሚሉ ሰዎች ኮዱን የሚጽፉት ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ነው።

የመጽሐፉ ድክመት ከጥንካሬው የሚወለድ ነው። ቁጥር የሚወድ ባለሙያ ከቁርስ ቤቱ ወጥቶ ቡድኑን በሙሉ በመለኪያ ሰንጠረዥ ሊሞላው ይችላል። ግሮቭ ራሱ አንድ መለኪያ ብቻውን እንዳይቆም፣ ከጎኑ የሚያመዛዝነው ሌላ መለኪያ እንዲቀመጥ አስጠንቅቋል፤ የተዘጉ የደንበኛ ቅሬታዎችን የሚቆጥር ሰው ተመልሰው የተከፈቱትንም መቁጠር አለበት። ይህን ምዕራፍ ዘለው የሚያነቡ ሰዎች ቡድናቸው በወረቀት ላይ ሲያድግ በሥራ ላይ ሲወርድ ያያሉ። ከዚህ ሌላ መጽሐፉ የ1980ዎቹ አሜሪካን የፋብሪካ ዓለም ይሸታል፤ ስለ አዲስ ተሿሚ ስሜትም ብዙ አይጨነቅም።

ፎርኒየር፦ ለሶፍትዌር ሰው የመንገድ ካርታ

ካሚል ፎርኒየር ሬንት ዘ ራንዌይ በተባለው ኩባንያ የቴክኖሎጂ ዋና ኃላፊ የነበረች ሲሆን መጽሐፏ ዘጠኝ ምዕራፎች አሉት። አደረጃጀቱ ከሌሎቹ ይለያል፦ አለቃ ካለው ተራ ባለሙያ ይጀምርና ጀማሪን ወደ ማሠልጠን፣ ወደ ቴክኒክ መሪነት፣ ሰዎችን ወደ ማስተዳደር፣ ቡድንን ወደ መምራት፣ ከዚያም ብዙ ቡድኖችንና ሌሎች ኃላፊዎችን ወደ መምራት ይወጣል። ለእኛ መሪ የሚያስፈልጉት ከመጀመሪያው እስከ አምስተኛው ያሉት ምዕራፎች ናቸው፤ የቀሩት ለጊዜው ይቆዩ። የመጀመሪያውን ምዕራፍ ግን «ይህ ለተራ ሠራተኛ ነው» ብሎ መዝለል አይገባም፤ አንድ ሠራተኛ ከአለቃው ምን ሊጠብቅ እንደሚገባ የሚዘረዝረው እርሱ ስለሆነ፣ አዲሱ መሪ ነገ የሚጠየቅበትን ዝርዝር ዛሬ የሚያገኘው እዚያ ነው።

ፎርኒየር ከግሮቭ የምትበልጠው የሶፍትዌር ሥራን ከውስጥ ስለምታውቀው ነው። ሥራ ለሌላ አሳልፎ የሰጠ ኃላፊ በየሰዓቱ «የት ደረሰ?» እያለ ከመጠየቁ በፊት መረጃውን ከሥርዓቱ ራሱ እንዲያወጣ ትመክራለች። የሥራ መከታተያውን ሰሌዳ፣ የገቡ የኮድ ለውጦችን፣ የአገልጋዩን የስህተት መዝገብ የሚያነብ መሪ ሰውን ሳያስጨንቅ ግማሹን መልስ ያገኛል። ሂሳብ ማስታረቁን በያዘችው ባልደረባ ጉዳይ መሪው ሰሌዳውን ቢያይ ሥራው በአንድ ትልቅ ካርድ ላይ «በሂደት ላይ» ተብሎ እንደ ተቀመጠ ያገኘዋል፤ አንድ ካርድ ለሁለት ሳምንት ሳይንቀሳቀስ መቆየቱ ስለ ባለሙያዋ ሳይሆን ስለ ሥራው አከፋፈል ይናገራል። ፋይሉን ማንበብ፣ ማዛመድ፣ ልዩነቱን መዝግቦ ሪፖርት ማውጣት ተብሎ ለየብቻው ቢከፈል መዘግየቱ የት ላይ እንዳለ በሦስተኛው ቀን ይታይ ነበር።

የአንድ ለአንድ ውይይትን በተመለከተም ፎርኒየር አንድ ዓይነት አካሄድ አታዝም፤ ጉዳይ ተዘርዝሮ የሚካሄድበት፣ ልቅ ሆኖ የሚጨዋወቱበት፣ አስተያየት የሚሰጥበትና ወደ ሥራ ሪፖርትነት የሚያዘነብለው እያለች የየራሳቸውን ጥቅምና አደጋ ታሳያለች። ግሮቭ በበኩሉ ስብሰባው የሠራተኛው መሆኑን፣ አጀንዳውንም ሠራተኛው ማዘጋጀት እንዳለበት፣ ቢያንስ አንድ ሰዓት ካልተመደበለት ከባድ ጉዳይ እንደማይነሳበት አጥብቆ ይናገራል። እኔ ለጀማሪ የግሮቭን አስቀድማለሁ፤ ምርጫ ማብዛት የሚጠቅመው መጀመሪያ አንዱን ለተለማመደ ሰው ነውና።

መጽሐፉ ከሶፍትዌር ውጭ ላለ ባለሙያ ያን ያህል አይመችም። የሳይት መሐንዲስ፣ የላቦራቶሪ ኃላፊ ወይም የኃይል ማስተላለፊያ ቴክኒሻኖችን የሚመራ ሰው ምሳሌዎቹን እየተረጎመ ማንበብ ይኖርበታል፤ ለእርሱ ግሮቭ ይቀርበዋል።

ዡዎ፦ ቀላሉ መግቢያ

ጁሊ ዡዎ ፌስቡክ ውስጥ በተለማማጅነት ገብታ በ25 ዓመቷ የዲዛይን ቡድን ኃላፊ የሆነች ናት። ቋንቋዋ ከአራቱ ሁሉ የቀለለ በመሆኑ በእንግሊዝኛ ረጅም መጽሐፍ ማንበብ ለሚከብደው ሰው የምመክረው ይህን ነው። ዋናው ጥቅሙ ስለ መጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የጻፈችው ምዕራፍ ነው፤ ሰው ወደ ኃላፊነት የሚመጣበትን መንገድ በአራት ትከፍለዋለች፦ አለቃው ቡድኑ ሲሰፋበት ከፊሉን የሚሰጠው፣ አዲስ ቡድን ከባዶ የሚያቋቁም፣ ከውጭ መጥቶ የቆየ ቡድን የሚረከብ፣ የሄደ አለቃውን የሚተካ። የእኛ መሪ አለቃውን የተካ ከሆነ ከውጭ ለመጣ ሰው የተጻፈ ምክር መውሰድ አይጠቅመውም፤ ቡድኑ ሲያነጻጽረው የሚውለው ከሄደው ሰው ጋር ነውና። ከዚህ ምዕራፍና ስለ አስተያየት አሰጣጥ ከሚናገረው ቀጥሎ ያለው የመጽሐፉ ክፍል ግሮቭን ላነበበ ሰው ብዙም አዲስ አይሆንበትም፤ እርሷም ከግሮቭ መማሯን አትደብቅም።

ሂል፦ «ምን ነካኝ?» ለሚል ሰው

የሊንዳ ሂል መጽሐፍ ከሌሎቹ በዓይነቱ ይለያል። ደራሲዋ የራሷን ልምድ አልጻፈችም፤ 19 አዲስ ተሿሚዎችን በመጀመሪያው የኃላፊነት ዓመታቸው እየተከታተለች የተናገሩትን መዘገበች። ሰዎቹ የሶፍትዌር ባለሙያዎች አልነበሩም፤ ገሚሶቹ በአክሲዮን ሽያጭ ድርጅት፣ ገሚሶቹ በኮምፒውተር ኩባንያ የሽያጭ ኃላፊዎች ናቸው። ሆኖም ሁሉም የተሾሙት በግል ሥራቸው ተወዳዳሪ ስላልነበራቸው ነው፤ ችግሩም ተመሳሳይ ነው። ሹመቱን ሲቀበሉ ያሰቡት አሁን እንደ ልባቸው እንደሚያዙ ነበር፤ ያገኙት ግን ከበታች ሠራተኛ፣ ከበላይ አለቃና ከሌሎች ክፍሎች ኃላፊዎች የሚመጣ ጥያቄ መካከል መያዝን ነው። ሥልጣን በደብዳቤ ቢመጣም መደመጥ በደብዳቤ እንደማይመጣ የተረዱት ቀስ በቀስ ነው።

እጁ ወደ ኪቦርዱ የሚሄድበት መሪያችን መልሱን የሚያገኘው እዚህ ነው። ግሮቭ ሥራውን ነጥቆ መሥራት ለምን ስህተት እንደሆነ ያስረዳዋል፤ ሂል ግን ስህተት መሆኑን እያወቀ ለምን እንደሚያደርገው ታሳየዋለች። ኮድ ጽፎ ሲሠራ ማየት ወዲያው የሚያረካ ሥራ ነው፤ ሰውን ማብቃት ግን ውጤቱ ከወራት በኋላ የሚታይ፣ ሲሳካም ምስጋናው ለሌላው የሚሄድ ነው። በዚህ መካከል ያለው ሰው ቀኑን ሙሉ ደክሞ ማታ «ዛሬ ምን ሠራሁ?» ብሎ ራሱን ይጠይቃል። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ያሉት ሰዎች የተናገሩትን ያነበበ ጀማሪ የእርሱ ብቻ ድክመት አለመሆኑን ያያል፤ ደግሞም የሽግግሩ ጊዜ በሳምንታት እንደማያልቅ ይረዳል።

መጽሐፉ ረጅም ነው፤ አጻጻፉም የጥናት አጻጻፍ ነው። በቴሌግራም ከሚዘዋወሩት የመጽሐፍ ጭማቂዎች ውስጥ የዚህ መጽሐፍ ጭማቂ ከቁም ነገር የሚቆጠር አይደለም፤ ዋጋው ያለው በሰዎቹ ንግግር ውስጥ በመሆኑ ሲያጥር የሚቀረው ማንም የሚያውቀው ምክር ነው። ግሮቭ ግን ቢጠቃለልም ከነቀመሩ ብዙው ይተርፋል። ሰኞ ለሚያዝ ስብሰባ ዓርብ ማታ መመሪያ የሚፈልግ ሰው ደግሞ በሂል ይበሳጫል፤ የእርሷ መጽሐፍ «ይህን አድርግ» አይልም።

አራቱም የማይሸፍኑት

የአራቱም መጻሕፍት ዓለም አሜሪካ ነው፤ ሁለት ቦታ ላይ ለእኛ አንባቢ ይጎድላሉ። አንደኛው ሥልጣንን ይመለከታል። ፎርኒየርና ዡዎ ስለ ቅጥርና ስለ ስንብት ሲጽፉ ኃላፊው በምልመላው ውስጥ ትልቅ ድምፅ እንዳለው፣ ሥራው ያልሆነለትን ሰውም ከሰው ሀብት ክፍል ጋር ሆኖ በአጭር ጊዜ ማሰናበት እንደሚችል ይዘው ነው። በአሜሪካ አብዛኛው የሥራ ውል በማናቸውም ወገን ፈቃድ የሚቋረጥ ነው። በኢትዮጵያ ግን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ውል የሚቋረጥባቸውን ምክንያቶች ይዘረዝራል፤ የሙከራ ጊዜም ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። ስለዚህ አዲስ ሰው የተቀበለ የቡድን መሪ ከመጻሕፍቱ የሚወስደው ጠቃሚ ነገር የስንብቱን ምዕራፍ ሳይሆን ፎርኒየር ለአዲስ ገቢ የምትመክረውን የ30፣ የ60 እና የ90 ቀን ዕቅድ ነው፤ እርሱንም የ60 የሥራ ቀኑ ሳያልቅ ፍርድ መስጠት እንዲችል አሳጥሮ ሊጠቀምበት ይገባል።

ሁለተኛው ንግግርን ይመለከታል። በእኛ ቢሮዎች አለቃ አንድን ሰው ለብቻው ሲጠራው የሚታሰበው ወቀሳ ወይም ማስጠንቀቂያ ነው። ግሮቭ እንዳለው አድርጎ አንዷን ብቻ ለአንድ ሰዓት ውይይት የጠራ አዲስ መሪ ከሰዓት በኋላ ቡድኑ ሲንሾካሾክ ያገኘዋል። የአንድ ለአንዱን ውይይት መጀመር ያለበት ለሁሉም በአንድ ቀን አስታውቆ፣ ለሁሉም ተመሳሳይ ሰዓት መድቦ ነው፤ የመጀመሪያውንም ተራ ለአንጋፋው ባለሙያ ቢሰጥ ክብራቸውም ይጠበቃል፣ ሌሎቹም ነገሩ ቅጣት እንዳልሆነ ያያሉ።

በዚያ ውይይት ላይ የሚሆነውንም መገመት አያስቸግርም። መሪው «ጋሼ፣ ሥራው እንዴት ነው?» ሲል «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁሉም ደህና ነው» ይሉታል። «የሚያስቸግርዎት ነገር አለ?» ሲላቸው «ምንም የለም» ይላሉ። እዚህ ላይ አብዛኛው ጀማሪ ሰዓቱን አይቶ ይነሳል። የግሮቭ ምክር ግን ሰውየው ያለውን ሁሉ ተናግሮ የጨረሰ ሲመስል አንድ ጥያቄ መጨመር ነው፤ ይህ ምክር ከካሊፎርኒያ ይልቅ ለአዲስ አበባ የተጻፈ ይመስላል። ጥያቄው ግን ስለ ስሜታቸው መሆን የለበትም፤ በቀጥታ «በሹመቱ ቅር ብሎዎታል?» ብሎ መጠየቅ ክህደትን ይጋብዛል። ስለ ሥራው ይሁን፦ «ባለፈው ዓመት የሲስተም ለውጡ ሲደረግ እርስዎ ቢመሩት ኖሮ ምን በተለየ ያደርጉ ነበር?» ለእንዲህ ያለ ጥያቄ የሚመጣው መልስ ረጅም ይሆናል፤ ቅሬታውም በውስጡ ተጠቅልሎ ይወጣል። ከዚያ ቀጥሎ በሂሳብ ማስታረቁ ሥራ ላይ ንድፉን እንዲያዩላት ቢጠየቁ በግሮቭ አነጋገር ብስለታቸው ከፍተኛ በሆነበት ሥራ ላይ ተመደቡ ማለት ነው።

በአንቱታ ለሚያነጋግሩት ሰው ጉድለቱን እንዴት እንደሚነግሩ ከአራቱ አንዱም አያስተምርም። ዡዎ ስለ አስተያየት የጻፈችው ቀጥተኛነትን ያበረታታል፤ ለእኩያና ለታናሽ ይሠራል። ለታላቅ ግን ጉድለቱን ከሥራው ላይ እያሳዩ፣ መፍትሔውን ከእርሳቸው መጠየቅ ይሻላል፤ ሰው ባለበት ደግሞ ፈጽሞ አይሆንም።

የቱን ልግዛ?

የሶፍትዌር ቡድን የሚመራ ሰው አንድ መጽሐፍ ብቻ የሚገዛ ከሆነ ፎርኒየርን ይግዛ፤ አምስቱን ምዕራፎች በሁለት ሳምንት ያንብብ። በሲቪል ምሕንድስና፣ በማምረቻ፣ በላቦራቶሪ ወይም በቴሌኮም ጥገና ያለ ሰው ከግሮቭ ይጀምር፤ ከዳር እስከ ዳር ለማንበብ ጊዜ ካጣ ስለ ቁርስ ቤቱ፣ ስለ ስብሰባና ሠራተኛው በያዘው ሥራ ላይ ስላለው ብስለት የሚናገሩትን ምዕራፎች ያስቀድም። ሁለት መጽሐፍ የሚገዛ የሶፍትዌር ሰው ፎርኒየርንና ግሮቭን ቢይዝ ከዡዎ ብዙ አይቀርበትም። ዡዎን የምመክረው ለሁለት ዓይነት ሰዎች ነው፦ ንባቡ ካልቀለለው መጽሐፍ ለማይጨርስ፣ እንዲሁም ሹመቱ ገና በወሬ ደረጃ ላለና ቀድሞ ለመዘጋጀት ለሚፈልግ።

ሂልን ከመጀመሪያው ሳምንት ማንበብ አያስፈልግም። ሦስተኛው ወይም አራተኛው ወር ላይ፣ ሥራው ገብቶት ነገር ግን ደስታው ሲጠፋበት፣ ወይም «ወደ ድሮ ሥራዬ ልመለስ» የሚል ሐሳብ ሲመላለስበት የሚወጣ መጽሐፍ ነው። ገበያ ላይ የተሻሻለው የ2003 እትም ከተገኘ እርሱ ይመረጥ። የግሮቭም የ2015ቱ እትም በቀላሉ ይገኛል፤ መሠረታዊ ይዘቱ ያው ስለሆነ የ1995ቱን ያገኘ ሰው ሌላ መፈለግ የለበትም።

ከእነዚህ ውጭ ስማቸው ሲነሳ የምንሰማቸው አሉ። ማይክል ዋትኪንስ በ2003 ያሳተመው «ዘ ፈርስት 90 ዴይስ» አዲስ ኃላፊነትን ስለ መረከብ የሚናገር ቢሆንም ይበልጥ የሚያገለግለው ከአንድ የኃላፊነት ቦታ ወደ ሌላ ለሚዛወር ሰው ነው። የዊል ላርሰን «አን ኤሌጋንት ፐዝል» የ2019 ሥራ ሲሆን ብዙ ቡድኖችን ለሚያደራጅ የምሕንድስና ኃላፊ የተጻፈ ነው፤ ሰባት ሰው የያዘ ጀማሪ ለዓመት ቢያቆየው አይጎዳም። ቶም ዴማርኮና ቲሞቲ ሊስተር በ1987 ያወጡት «ፒፕልዌር» ግን የቡድኑ አባላት በተከፈተ አዳራሽ፣ በስልክ ጩኸትና በማያቋርጥ መቋረጥ መካከል የሚሠሩ ከሆነ ይነበብ፤ የሥራ ቦታው ጸጥታ በሶፍትዌር ሥራ ላይ ምን እንደሚያደርግ የሚያስረዳው ክፍል ለቢሮ ዝውውር ጥያቄ ማስረጃ ሆኖ ለአስተዳደር ክፍሉ ሊቀርብ ይችላል።

መሪነቱን ይፈልገው እንደሆነ ገና ያልወሰነ ባለሙያም አለ። እርሱ የፎርኒየርን ሦስተኛ ምዕራፍ ብቻ ተውሶ ያንብብ። የቴክኒክ መሪነትን የምታቀርበው ሥራ በማቀድ፣ በመከፋፈልና ከሌሎች ጋር በመነጋገር የተሞላ፣ ኮድ የሚጻፍበት ሰዓት የሚቀንስበት ኃላፊነት አድርጋ ነው። ያንን ምዕራፍ አንብቦ የሥራው ዝርዝር የሰለቸው ሰው፣ ደብዳቤው ሳይፈረም በከፍተኛ ባለሙያነት መስመር የሚያድግበት መደብ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ መኖር አለመኖሩን ለሰው ሀብት ክፍሉ ይጠይቅ።